ከጠረጴዛው ማዶ

የቃለ መጠይቅ ክፍል ሲገቡ ከሰዎቹ በፊት ዓይን የሚገባው የወንበሩ አቀማመጥ ነው። ከማዶ አራት አምስት ሰው ተደርድሯል፤ ከወዲህ አንዲት ወንበር ብቻዋን ቆማለች። የታሸገ ውሃም ይቀመጣል፤ ተወዳዳሪ ሲጠጣው ግን ብዙ አላየሁም። ክዳኑ አልከፈት ብሎ የሚያሳፍረው ይመስለዋል መሰለኝ።

እኔ በኮሚቴ አባልነት ከማዶ ተቀምጬ አውቃለሁ። በየፊታችን ወረቀት አለ፤ ጥያቄዎቹ ተጽፈውበታል፣ አጠገባቸው የነጥብ ሳጥን፣ ከሥር ለማስታወሻ ባዶ መስመር። ጥያቄዎቹን አስቀድመን ተከፋፍለናል፦ አንዱን የሰው ሀብቷ፣ ሌላውን የክፍሉ ኃላፊ፣ ሌላውን የፋይናንሱ ሰው ያነባል። ነጥብ የሚሰጠው ግን ጠያቂው ብቻ አይደለም። ሁላችንም በየወረቀታችን እንሞላለን፣ በኋላ ተደምሮ አማካዩ ይወሰዳል። ስለዚህ አንድም ጥያቄ ያልጠየቀው፣ ቀና ብሎ እንኳ ያላየው ጥግ ያለው ሰውዬ እኩል ድምፅ አለው። ተወዳዳሪዎች እሱን ሲያዩ ሰለቸሁት ብለው ይፈጥናሉ። ሰውዬው እየጻፈ ነው፤ ሲፈጥኑበት የሚያመልጠው እሱ ነው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ለግዥ ባለሙያነት ተጠራችና «ጋሼ፣ እስቲ ጠይቀኝ» አለችኝ። የግዥ መመሪያውን በቃሏ ይዛዋለች። እኔ የጠየቅኳት የሥራ ማስታወቂያውን ነበር። የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ከአቅራቢዎች ጋር መሥራት፣ ዕቃ መረከብ ይላል። ጥያቄ የሚወጣው ከነዚህ መስመሮች ነው፤ ለእያንዳንዱ በእውነት የደረሰ አንድ ታሪክ ያስፈልጋል።

«ከአቅራቢ ጋር ያልተግባባሽበትን ጊዜ ንገሪን» አልኳት።

«እኛ ጥራት ላይ አንደራደርም። አንዴ ችግር ገጥሞን ተነጋግረን ፈታነው።»

ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ የምጽፈው አጣሁ። ምን ችግር? ማን ፈታው? እኛ ቤት «እኔ አደረግሁ» ማለት ጉራ ይመስላል፤ ልጅቷም ጨዋ ሆና ነው ያደገችው። ወረቀቱ ግን ጨዋነቷን መመዝገቢያ ቦታ የለውም፤ የሠራችውን ነው የሚጠይቀው።

ቆፍሬ ቆፍሬ ያወጣሁት ታሪክ ይህ ነው። 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ታዞ ሲመጣ ሳሳ አለባት። አንዱን ደስጣ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፤ 2.5 ኪሎ ሊሆን ሲገባ 2.2 እንኳ አልሞላም። 70 ግራም ነው። የሥልጠና ክፍሉ «ነገ ማኑዋል አትማለሁ» እያለ ይጮሃል። እሷ ሞዴል 19 አልቆርጥም አለች፤ ለአቅራቢው ሚዛኑን አሳይታ በደብዳቤ መለሰችለት፣ ለማኑዋሉ የሚበቃ ወረቀት ደግሞ ከቅርንጫፍ በውሰት አስመጣች። አቅራቢው በሳምንቱ ቀየረው።

ይህን በሁለት ደቂቃ ስትናገረው ከማዶ ያሉት ሁሉ የሚጽፉት ያገኛሉ። የፋይናንሱ ሰው ያልባከነውን ገንዘብ ይሰማል፣ የክፍሉ ኃላፊ ሥራ አለመቆሙን፣ የሰው ሀብቷ አቅራቢውን ሳትሰድብ መመለሷን። ታሪክ ስትመርጥ መመዘኛው ይህ ነው፦ ጠያቂውን ብቻ የሚያጠግብ መልስ ሌሎቹን ባዶ መስመር ያስታቅፋቸዋል።

ከዚያ ወደ ልምምዱ። መስታወት ፊት መለማመድ አልወድም፤ መስታወት አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው። እናቷንና ወንድሟን ከእኔ ጋር ደረደርኳቸው። መልስ ስትጀምር የጠየቃትን አይታ ትጀምራለች፣ መሃል ላይ ወደ ሌሎቹ ትዞራለች፣ ስትጨርስ ወደ ጠያቂዋ ትመለሳለች። መጀመሪያ እንደ ቬንቲሌተር ዞረችብን፤ ሐረግ በሐረግ ሳይሆን ሐሳብ ስትጨርስ ዙሪ ስንላት ተስተካከለ። ወንድሟ ሥራው ማቋረጥ ነበር። የኔን ጥያቄ ሳትጨርስ ሌላ ጣለባት፤ ወደ እሱ ዞራ የኔን እዚያው ተወችው። በእውነተኛው ክፍል እንዲህ ሲሆን የተተወው ጥያቄ ሳጥን ባዶ ይቀራል። «ይህን ልጨርስና ወደ እርስዎ እመጣለሁ» ማለት ነው፤ ማንም አይቀየምም። ጥያቄው ካልገባም ይደገምልኝ ማለት ነጥብ ሲያስቀንስ አላየሁም፤ ያልተጠየቁትን መመለስ ግን ያስቀንሳል።

እናቷ ግን ለፈተና አልተፈጠረችም። ልጅቷ በተናገረች ቁጥር «ጎበዝ!» ትላለች።

መጨረሻ ላይ «አንቺስ ጥያቄ አለሽ?» ይላሉ። እኔ በሞላኋቸው ወረቀቶች ላይ ይህ ሳጥን አልነበረውም፤ ስለዚህ ብልጥ ለመምሰል ባትደክም ይሻላል፣ የምር ማወቅ የምትፈልገውን ትጠይቅ። እኔ ብሆን አንድ ግዥ እስኪጸድቅ ስንት ሰው እንደሚፈርምበት እጠይቅ ነበር። ከማዶ ያሉት ለመመለስ እርስ በርስ መተያየት ከጀመሩ፣ ያኔ መሥሪያ ቤቱን እሷም በበኩሏ ፈትናዋለች።