ከአንበሳው እስከ ፈረሰኛው

ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና እስከ ፒያሳ የሚወጣ የእግር ጉዞ ቪዲዮ ብዙ ሰው ሠርቷል። «ይህ ብሔራዊ ቴአትር ነው፤ ከዚያ ፖስታ ቤት ነው፤ ከዚያ…» እየተባለ ሲቀጥል ግን ተመልካቹ መሀል ላይ ይተወዋል። እኔና የ15 ዓመቷ ልጄ ለውጭ አገር ዘመዶቻችን ይህንኑ መንገድ ስንቀርጽ፣ ጽሑፉን የጀመርነው ከቦታዎቹ ሳይሆን ከአንድ ጥያቄ ነው።

መንገዱ ሁለት ሐውልቶችን ያገናኛል፤ ታች የይሁዳ አንበሳ፣ ላይ በፈረስ ላይ ያሉት ምኒልክ። ሁለቱም በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ሰሞን ቆሙ፤ ሁለቱንም ጣሊያን አነሣቸው። ጥያቄያችን «ወዴት ወሰዳቸው?» የሚል ነበር።

ለገሃር ላይ የግማሹን መልስ ብቻ ሰጠን። አንበሳው ሮም ተወሰደ፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በቁጣ የተነሣው እዚያው ሮም ነው። የምኒልክን ግን ዝም አልን። ተመልካቹ ዳገቱን አብሮን የሚወጣው ይህ ስለቀረው ነው።

መሀል ላይ የመረጥነው የብሔራዊ ቴአትሩን የድንጋይ አንበሳ ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሡ የ25 ዓመት በዓል ሲሠራው፣ የለገሃሩ አንበሳ ገና ከሮም አልተመለሰም ነበር። ስለዚህ ይህ ማቆሚያ ታሪኩን ያከብደዋል፤ ነጻነት ከተመለሰ ከዓመታት በኋላም ከተማዋ አንበሳዋን ትጠብቃለች። ትግላችን ሐውልትና ፖስታ ቤቱ ግን ያምራሉ እንጂ ለጥያቄያችን የሚጨምሩት የለም፤ በዝምታ አለፍናቸው። ልጄ ለፖስታ ቤቱ ተከራክራ ነበር። «ከአንበሳው ጋር ምን ያገናኘዋል?» ስላት ራሷ ሰረዘችው።

ጽሑፉ ታሪክ መሆኑን የምንፈትነው እንዲህ ነው። የሁለት ማቆሚያዎችን አንቀጽ እናቀያይራለን። ምንም ካልተበላሸ ዝርዝር ነው ማለት ነው። በመካከላቸው «ከዚያ» ብቻ ሳይሆን «ነገር ግን» ወይም «ስለዚህ» የሚገባ ከሆነ ታሪኩ ይሄዳል።

ሌላው ነገር ትንፋሽ ነው። ዳገቱን እየወጡ የሚናገሩት ነገር አይሰማም። ስለዚህ ቆመን በምንቀርጽበት ቦታ ብቻ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገርን፤ የቀረውን ቤት ገብተን በድምፅ ጨመርነው። በእግር ጉዞው ላይ የከተማዋን ድምፅ ተውነው፤ ታክሲውን፣ ረዳቱን፣ የጫማችንን ኮቴ።

ማዘጋጃ ቤቱን አልፈን ጊዮርጊስ ስንደርስ ካሜራው መጀመሪያ የፈረሱን ኮቴ፣ ቀጥሎ ፈረሰኛውን ያሳያል። መልሱም ይመጣል፤ አንበሳው ለድል ማሳያ ባሕር ሲሻገር፣ የአድዋው ድል አድራጊ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ተቀበሩ፤ ነጻነት ሲመለስ ወጥተው ተተከሉ። ከዚህ በኋላ ቃል አልጨመርንም። ልጄ ካሜራውን ሐውልቱ ላይ 10 ሰከንድ አቆይታ አጠፋችው።