ከጥምቀት ማግስት

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገሬ ሰው። ታዲያ ጥር 11 አልፎ በሽሮ ሜዳ ሱቆች ተሰቅሎ የቀረውስ ምን ይሁን? በባንኩ መስኮት እንደማየው፣ በዚያ ሰሞን የነጋዴዎቹ ገቢ ይሳሳል፤ ገንዘባቸው ጨርቅ ሆኖ ተሰቅሏል።

አንዲት ነጋዴ ለደንበኞቿ በስልክ የላከችው መልእክት እነሆ፦ «ከበዓል የቀሩ 7 ቀሚሶች። 4,000 የነበረው 3,200 ብር። ለጥር ሠርግ ይደርሳሉ። እስከ ጥር 25 ብቻ።»

«ቅናሽ» ብቻ ብትል ኖሮ ቀሚሱ ትርፍራፊ በመሰለ ነበር፤ ሠርጉ ግን ሁለተኛ በዓል ሰጠው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማልና ጥድፊያውም እውነት ነው። ሆኖም ከጥር 25 በኋላ በዚያው ዋጋ ከሸጠች፣ ገዢው ለከርሞ ጥምቀትን ትቶ ማግስቱን ይጠብቃል።