«ወጪዎ ይሸፈናል» በማን?



የዶርም ጓደኛዬ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችን ስለመጠበቅ ለሚሰጥ ወርክሾፕ ጀርመን ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግብዣ የደረሳት ዓምና ነሐሴ ላይ ነበር። ዶርሙ ሁሉ «ማሻአላህ!» አለ። ቁጭ ብለን ስናነበው ደብዳቤው አራት መስመር ነው። በወርክሾፑ እንድትሳተፍ በደስታ እንደጋበዟት፣ ቀኑ ከኦክቶበር 6 እስከ 10 ቀን 2025 እንደሆነ፣ ወጪዋም እንደሚሸፈን ይናገራል፤ በቃ።

ለተጋባዥ ደስ የሚል ደብዳቤ ነው። ነገር ግን የግብዣ ደብዳቤ ዋና አንባቢ ተጋባዡ አይደለም፤ ቪዛ ክፍል ውስጥ ያለ፣ አንቺንም ጋባዡንም የማያውቅ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በፊት የሌላ እህታችን ማመልከቻ ሲመለስ አይቼ ነበር። የሸንገን አገሮች ቪዛ ሲከለክሉ ምክንያቱን የሚያመለክቱት በአንድ ወጥ ቅጽ ላይ ነው፤ በእሷ ቅጽ ላይ ምልክት የተደረገበት የጉዞው ዓላማና ሁኔታ በበቂ አልተረጋገጠም የሚለው ነበር። ስለዚህ የጓደኛዬን ደብዳቤ በዚያ ሠራተኛ ዓይን ማንበብ ጀመርን።

ብዙ ያቆየን «ይሸፈናል» የሚለው ቃል ነው። ሰዋስው የተማረ ሰው እንደሚያውቀው ይህ ግሥ አድራጊ የለውም። ማን ነው የሚሸፍነው? የትኛውን ወጪ? መቼ? አዘጋጇን በኢሜይል ስትጠይቃት መልሱ ሌላ ጉዳይ አወጣ። ማደሪያውን ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይከፍላል፤ የአውሮፕላን ትኬቱን ግን ተሳታፊዋ ገዝታ ደረሰኝ ስታቀርብ ነው የሚመለስላት። በቪዛ ክፍል ፊት የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው። ጋባዡ በቀጥታ ሲከፍል የገንዘቡ ማስረጃ የእሱ ደብዳቤ ነው። «በኋላ እንመልሳለን» ካለ ግን ያን ገንዘብ አሁን ከየት እንደምታመጪ የባንክ መግለጫሽ ማሳየት አለበት። የጓደኛዬ የባንክ ደብተር ደግሞ የማንኛችንም ተማሪ ደብተር ነው። ይህንኑ ሳታፍር ጻፈችላት፤ አዘጋጇም ትኬቱን ራሳቸው እንዲቆርጡ አደረገች።

ቀኑም ጎዶሎ ነበር። ወርክሾፑ ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ቀን ነው፤ እሷ ግን እሑድ ኦክቶበር 5 ደርሳ የምትመለሰው ቅዳሜ ኦክቶበር 11 ነው። ይህ ሰባት ቀንና ስድስት ሌሊት ይሆናል። ደብዳቤው አምስቱን ብቻ ካለ የእሑድና የዓርብ ሌሊት ማደሪያ ባለቤት የለውም፤ ከትኬቱና ከኢንሹራንሱ ቀን ጋርም አይገጥምም። (ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና ቆይታውን በሙሉ የሚይዝ መሆን አለበት። ጋባዡ «እኛ እንገባለን» ቢልም የምስክር ወረቀቱን ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ የእናንተ ፋንታ ነው።) ከእኛ ወገን ደግሞ የትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ «ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2018» ብሎ ተጽፎ ነበር። ቀኑ ትክክል ነው፤ የውጭ ሰው ሲያየው ግን ሌላ ዓመት ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ በእነሱ አቆጣጠር እንዲሆን አስደረግን።

ስሟን ሳልረሳ። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ስንት መልክ አላቸው! አብዱረህማን የሚለውን ብቻ በአምስት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ። አዘጋጇ የአባቷን ስም ከኢሜይሏ ላይ ገልብጣ ነበርና ከፓስፖርቱ በሁለት ፊደል ተለየ፤ አያቷ ደግሞ ጭራሽ አልተጠቀሱም። ጓደኛዬ የፓስፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ላከችላት።

ሁለተኛው ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ። አርማና ፊርማ ያለው፣ አንድ ገጽ ያልሞላ። ሙሉ ስሟን ከፓስፖርት ቁጥሯ ጋር፣ የወርክሾፑን ርዕስና እሷ ለምን እንደተመረጠች በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከመድረሻ እስከ መመለሻ ያለውን ቀን ይዟል። ወጪው ላይ «ዩኒቨርሲቲያችን የደርሶ መልስ ትኬቱንና የስድስት ሌሊት ማደሪያውን በቀጥታ ይከፍላል፤ ለምግብ የቀን አበል ይሰጣል፤ የቪዛ ክፍያና ኢንሹራንስ በተሳታፊዋ ነው» ይላል። የመጨረሻውን ሐረግ እኔ ወድጄዋለሁ፤ የማይከፍሉትን በግልጽ የሚናገሩ ሰዎች የሚከፍሉትም ይታመናል። ከታች የአዘጋጇ ስልክ አለ።

ማመልከቻ ከጉዞው ቢያንስ 15 ቀን በፊት መግባት አለበት፤ ውሳኔው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። እሷ ነሐሴ ሳያልቅ አስገባች።

ደብዳቤ በራሱ ቪዛ አያሰጥም፤ የእሷ ግን አልሐምዱሊላህ ተሰጠ። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈውን ስናይ የአገልግሎት ዘመኑ ከጉዞዋ በኋላ 15 ቀን ይቀጥላል፤ ዶርም ውስጥ ያሉት «ዘመድ ጠይቀሽ ትመጪያለሽ!» አሏት። ከጎኑ ያለው የቆይታ ቀን ብዛት ግን 7 ነው የሚለው፤ ልክ ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ እንደተጻፈው።