ወንድሜ «ጀመረ እንዴ?» አለኝ

 

ባለፈው ወር ክበባችን ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች የክፍልፋይ ድመራን የሚያስተምር የ4 ደቂቃ ቪዲዮ በመምህራችን ስልክ ቀረጸ። ተናጋሪዋ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ 5ኛ ክፍል ነው። በክፍልፋይ ፈተና ከ10 3 አምጥቶ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ደብቆ አግኝቼበታለሁ። ድጋሚ የሚፈተነው ሰኞ ነበር።

ዓርብ ማታ ቪዲዮውን በእናታችን ስልክ ከፈትኩለት። ትንሽ አየና «ጀመረ እንዴ?» አለኝ። «እየው ዝም ብለህ!» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን መለሰልኝና ሄደ። ሰነፍ ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ሰዓት ይዤ ራሴ አየሁት። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመጣው በ48ኛው ሰከንድ ነው! ወንድሜ ትምህርቱን አልጠላም፤ ትምህርቱን ጭራሽ አላየውም።

በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ መናገር የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሞከርኩት፤ ንግግሬ የማይሰማ ሆነ እንጂ ጥያቄው ያው ዘግይቶ ነው የመጣው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በ48 ሰከንድ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ ቃል በቃል ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ስጽፈው አፈርኩ። ሰላምታ፣ የክበባችን ስም፣ ለመምህራን ምስጋና፣ «ሒሳብ ለሕይወታችን ጠቃሚ ነው»፣ ላዕል ምንድን ነው፣ ታህት ምንድን ነው፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄው።

በየዓረፍተ ነገሩ ፊት «ይህ ባይኖር ወንድሜ ጥያቄውን መረዳት ያቅተዋል?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በሙሉ «አያቅተውም» ሆነ። ግን ሁሉንም አልሰረዝኩም። የክበባችን ስም በጽሑፍ ጥግ ላይ ገባ። ምስጋናው ወደ መጨረሻ ሄደ። ላዕልና ታህት ደግሞ ታህቶቹን እኩል ወደምናደርግበት ቦታ ሄዱ፤ እዚያ ሲደርስ ተማሪው ራሱ ይፈልጋቸዋል። የተሰረዘው «ሒሳብ ጠቃሚ ነው» ብቻ ነው።

አሁን መጀመሪያው ባዶ ሆነ። ምን ይግባበት? የወንድሜን የፈተና ወረቀት አወጣሁ። 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ነበር፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ። ይሄ የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ስለዚህ መክፈቻው ይሄው ሆነ፦

«አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት አምስተኛ? ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ እንጀራ ላይ ጨምረን እንዴት አነሰ? እንጀራውን ቆርጠን እንየው።»

21 ቃላት ነው፤ ሳልሮጥ ሳነበው 10 ሰከንድ ይፈጃል። ፊቴ አይታይም። የሚታየው ስሌቱን የሚጽፍ እጅ ነው፣ ቀጥሎ እንጀራው። (እንጀራው ከካርቶን ነው፤ በምግብ አንጫወትም።) ትክክለኛውን መልስ 5/6ን ግን እዚህ አልተናገርኩም። ከተናገርኩት ወንድሜ «አወቅኩት» ብሎ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

መምህራችን ሁለት ነገር አሉ። አንደኛ፣ «ስሕተቱን ብቻ አይቶ የወጣ ልጅ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል።» እውነታቸውን ነው። ስለዚህ «ያንሳል» ስል 2/5 ላይ በቀይ እስክሪብቶ ✗ ይደረግበታል። ሁለተኛ፣ «ሰላም ሳይሉ ወሬ መጀመር ነውር ነው» አሉ። በዚህ ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ 11ኛው ሰከንድ ላይ «ሰላም ጓደኞቼ» ብዬ ወዲያው ካርቶኑን ለመቁረጥ ተስማማን። ቅዳሜ ከሰዓት መክፈቻውን ደግመን ቀረጽን።

እሑድ ማታ ወንድሜን እንደገና አስቀመጥኩት። እኔ ያየሁት ስልኩን ሳይሆን ፊቱን ነው። ✗ ሲደረግ «እኔም እንደዚህ ነው የሠራሁት!» አለ። አልተነሳም።

ግን 2ኛው ደቂቃ ላይ «ለምን ስድስት ቦታ ተቆረጠ?» ብሎ አቆመው። እዚያ ጋ ማብራሪያችን ደካማ ነው፤ ጥሩ መጀመሪያ ደካማ መሐልን አያድነውም። ካርቶኑን አምጥቼ በእጄ አሳየሁት። ስድስት ቦታ ከተቆረጠ ግማሹ 3 ቁራሽ፣ ሲሶው 2 ቁራሽ ይሆናል፤ አንድም ቁራሽ መሰንጠቅ አያስፈልግም። አንድ ላይ 5 ቁራሽ፣ ማለትም 5/6።

ሰኞ ከ10 6 አመጣ። ወረቀቱን አልደበቀም። እኛም በሚቀጥለው ሳምንት መሐሉን እንደገና እንቀርጻለን።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የክበቡ አባል