ቦቴው ስንት ሊትር አመጣ?

ቧንቧው ሲጠፋ ውሃ በቦቴ የምትገዙ የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ወገኖቼ፣ ይቺን ነገር ረጋ ብላችሁ አንብቧት። ብር ታተርፋለች፣ ሆድም ታድናለች።

በቅርቡ በግቢያችን አራት ቤተሰብ ተዋጥተን አንድ ቦቴ አስመጣን። ሹፌሩ «ስድስት ሺህ ሊትር ነው፣ ጢም ብሏል» አለን። ጎማው ሳይዘረጋ ሜትር አወጣሁ። «ኧረ መምህር፣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚገዛው» አለና ሳቀ። እኔም «ወንድሜ፣ አንተም እኮ ናፍጣ ስትቀዳ ቆጣሪውን ታያለህ» አልኩት። ፈቀደልኝ።

የቦቴው ታንከር ሞላላ ነው። ሞላላ ሲሆን ስፋቱን በቁመቱ፣ በርዝመቱ፣ ከዚያ በ0.785 ማባዛት ነው። ስፋቱ 1.80፣ ቁመቱ 1.20፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ሆነ። ሲባዛ 5.09 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ፣ ታንከሩ አፉ ድረስ ቢሞላ እንኳ 5,100 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። ስድስት ሺህ ከየት ይመጣል?

ረዳቱ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ሲከፍት ደግሞ ውሃው ከጣሪያው 20 ሳንቲም ጎድሏል። 20 ሳንቲም ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ ነው፤ ሞላላ ግን ጫፉ ላይ ስለሚጠብ የጎደለው ውሃ አንድ ስድስተኛ አይሆንም፣ ወደ 11 በመቶ ነው። ስለዚህ ያለው 4,500 ገደማ ሆነ። ከተባለው 1,500 ሊትር ጎደለ ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 75 ጀሪካን፣ ከዋጋው ደግሞ ሩቡ።

ይህን ስሌት ሹፌሩ «ግምት ነው» ሊለው ይችላል። ማረጋገጫው የራሳችሁ ሮቶ ነው። የሮቶውን ወገብ በክር ዙሩትና ክሩን ለኩ፤ ለ3.14 ስታካፍሉት የጎን ለጎን ስፋቱን ታገኛላችሁ። የኛ ክር 4.40 ሜትር ነበር፤ ስፋቱ 1.40 ሆነ። እንዲህ ያለ ሮቶ ውስጥ ውሃው አንድ ሳንቲም ከፍ ባለ ቁጥር 15.4 ሊትር ገባ ማለት ነው። ከመቀዳቱ በፊትና በኋላ ውሃው የት እንዳለ ለኩ። በሁለቱ ሮቶዎቻችን ውሃው 145፣ 145 ሳንቲም ከፍ አለ፤ 4,466 ሊትር። ከታንከሩ ስሌት ጋር ገጠመ፤ የከፈልነውም በዚያው ልክ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ቀጥ ባለው የሮቶ ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ወደ አፉ የሚጠበው ላይ አትቁጠሩ።

ሊትሩ ከመለካቱ በፊት ግን «ከየት ቀዳኸው?» ማለት ይቀድማል። ከተማው ጉድጓድ ላይ ከሆነ ደረሰኝ ይኖረዋል፣ ጠይቁ። ከወንዝ ከሆነ ለመጠጥ አትመኑት፣ ጥርት ቢልም። ከታንከሩ በንጹህ ሃይላንድ ቅዱና አሽትቱ። ናፍጣ ናፍጣ ካለ ወይም ላዩ ላይ ቅባት ከታየ ቦቴው ነዳጅ ጭኖ ነበርና መልሱት፤ ይህ በማፍላትም በበረኪናም አይወጣም። ቀጥሎ ሃይላንዱን ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ላይ አቁማችሁ ከአፉ ወደ ታች እዩ። የጋዜጣ ርዕስ የሚያህል ፊደል ካልተነበበ ደፍራሽ ነው፤ ጭቃው መድኃኒቱን ስለሚበላው በረኪና ብቻውን አይበቃውም።

መገልበጡ ላይ ደግሞ ሮቶው አስቀድሞ ይታጠብ፣ ከታች የረጋው ጭቃ ይውጣ። የጎማው ጫፍ መሬት ሲጎተት የመጣ ስለሆነ እጠቡት፣ የመጀመሪያውን አንድ ባልዲ ውጭ ድፉት። ጫፉን ሮቶው አፍ ላይ እሰሩት እንጂ ውሃው ውስጥ አትንከሩት፤ ሞተሩ ሲቆም ውሃው ወደ ቦቴው ተመልሶ ሊሳብ ይችላል። መንገዳችን ዳገት ስለሆነ የቦቴው ጎማ ድንጋይ ይደረግበት፣ ልጆችም ከኋላው አይቁሙ።

ውሃው ጥርት ብሎ ምንጩ ካጠራጠረ፣ ሽታ የሌለውና 5 በመቶ የሚል የተጻፈበት በረኪና ለ1,000 ሊትር 40 ሚሊ ይበቃል። ለኛ ለእያንዳንዱ ሮቶ 90 ሚሊ ደረሰው። ሮቶው ሩቡ ሲሞላ ጨምሩት፣ የሚወርደው ውሃ ራሱ ያማስለዋል። ከሞላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና አሽትቱ፤ ትንሽ የክሎሪን ሽታ ካለው ጥሩ ነው። ጭራሽ ከሌለው ያንኑ ያህል ድገሙና እንደገና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አሁንም ካልሸተተ ለልብስና ለጽዳት ይሁን፣ የመጠጡን አፍሉት።

ሜትርና ክር ቤታችሁ አለ። ቀጣዩ ቦቴ ሳይመጣ ሮቷችሁን ለክታችሁ የአንድ ሳንቲሙን ሊትር ግድግዳ ላይ ጻፉት። ስሌቱ ያስቸገራችሁ ካላችሁ የክሩን ርዝመት ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ አስልቼ እመልሳለሁ።