አፍ ያላት ከተማ

ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ መታወቂያም አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ጽሑፍ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ጉዳዩ የእኛው ነው።

እንደምታውቁት እዚህ ኸሽም ኤል ቂርባ የስደተኛ ልጆችን ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። «የምትኖሩበትን ከተማ ጻፉ» ብዬ ድርሰት ባዘዝኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። «ቂርባ በከሰላ ግዛት በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። ግድብ አላት። ገበያም አላት።» ሁሉም እውነት ነው፤ ከተማዋ ግን በውስጡ የለችም። ስለ እኛ የሚጻፈው ሪፖርትም ከዚህ አይለይም፤ ይህን ያህል ቤተሰብ፣ ይህን ያህል መጠለያ ይላል። እነዚህ ልጆች ነገ ሌላ አገር ሆነው «የት አደጋችሁ?» ቢባሉ በእጃቸው የሚገኘው ቁጥር ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። ስለዚህ በዚህ ዓመት ከአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ጋር አንድ ሥራ ጀመርን፤ ቂርባን እንደ አንድ ሰው አድርጎ መጻፍ።

ስሟ ራሱ ይረዳል። በሱዳን አረብኛ ኸሽም ማለት አፍ ነው። ቂርባ ደግሞ የእኛ እርኮት ነው፤ የቆዳ ውሃ መያዣ። «የእርኮት አፍ» ማለት ነው። ታዲያ አፍ ያላትን ከተማ እኛ ስለ እሷ ከምናወራ እሷ ብታወራ አይሻልም? ሰውን የምናውቀው በየቀኑ በሚያደርገው፣ በድምፁና ሰዎች በሌሉበት በሚያወራው ነው። ከተማንም በእነዚሁ በሦስቱ ያዝናት።

መጀመሪያ የቀን ልማዷን። ቂርባ በሁለት ሰዓት የምትኖር ከተማ ናት። ሱዳኑ ባለሱቅ «ዘጠኝ» ሲል እኛ «ሦስት» እንላለን፤ የምናወራው ስለ አንድ ጠዋት ነው። ያ ሰዓት የፉጡር ሰዓት ነው። የሱዳን ቁርስ እንደ እኛ ከእንቅልፍ ሲነሱ አይበላም፤ ጠዋት ሻይ ብቻ ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሁሉም ቆሞ በአንድ ትሪ ዙሪያ ፉል ይቆርሳል። በዚያ ሰዓት ቢሮ ሄዶ ጉዳይ ይፈጸምልኛል የሚል አዲስ ገቢ ብቻ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ገበያውን ትዘጋዋለች። ከአስር ሶላት በኋላ እንደገና ይከፈታል፤ ሻይ ሻጮቹ ከሰል ያቀጣጥላሉ፣ በርጩማዎቹ ይደረደራሉ።

ልጆቹ ይህን ሁሉ በዝርዝር ጻፉ። ዝርዝር ግን ሕይወት አይሆንም። ልማድ በጽሑፍ ውስጥ የሚጠቅመው ሲሰበር ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው፦ ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ፣ ሁለት ጊዜ እንደተለመደው አሳዩን፣ በሦስተኛው አንዱን አጉድሉ። አንዱ ልጅ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመላልስ ሽማግሌ መረጠ። ሁለት ቀን ሽማግሌው ጎህ ሲቀድ በርሜሉን በዱላ እየመታ በሰፈሩ ያልፋል። በሦስተኛው ቀን የበርሜሉ ድምፅ አልተሰማም። ልጁ «ሰፈሩ ደነገጠ» ብሎ አልጻፈም። ሦስት ሴቶች በየበራቸው ባዶ ጀሪካን ይዘው እንደቆሙና አንዷ «ትናንት አህያው ያነክስ ነበር» እንዳለች ብቻ ጻፈ። ሰፈሩ እዚያ ላይ ሰው ሆነ፤ ጠባቂ፣ ታዛቢ፣ ትንሽም ነገረኛ።

የዓመቱም ልማድ አለ። ክረምት ላይ ቂርባ ሰማይዋ ጠርቶ ሳለ ወንዟ ይደፈርሳል። ዝናቡ የዘነበው እዚህ አይደለም፤ ጎንደር ተራሮች ላይ ነው። አትባራ ብለው የሚጠሩት ወንዝ የእኛው ጓንግና አንገረብ ነው፤ ሰቲት ብለው የሚጠሩት ደግሞ ተከዜ ነው። ውሃው ሲመጣ አፈራችንን ይዞ ይመጣል። ግድቡ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ደለሉ ሐይቁን እየሞላ ስላስቸገረ በጎርፉ ወራት በሮቹን ከፍቶ ሐይቁን ማጠብ ተለመደ። ብዙ ዓመት እዚህ የኖሩት እንደሚያወሩት፣ በሮቹ ሲከፈቱ ዓሣው በጭቃ ታፍኖ ይቀራል፣ ሕዝቡም ጆንያ ይዞ ይወርዳል። እንግዲህ አስቡት፦ ከጎንደር የመጣ ልጅ በጎንደር ጭቃ የታፈነ ዓሣ ይለቅማል። እዚህ ላይ ስለ ናፍቆት አንድም ቃል መጨመር አያስፈልግም።

በዚያው በ1964 የአስዋን ግድብ ውሃ ቀያቸውን የሚያጥለቀልቅባቸው የዋዲ ሃልፋ ኑቢያውያን በባቡር ወደዚህ አካባቢ መጡ፤ ጎረቤታችን ሐልፋ አል ጀዲዳ የተቆረቆረችው ለእነሱ ነው። ቀጥሎ ኤርትራውያን፣ ቀጥሎ እኛ፣ ከሚያዝያ 2023ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ከካርቱም የሸሹት። ይህች ከተማ ግማሽ ሰዋ በውሃ፣ ግማሹ በጦር ተገፍቶ የመጣ ናት። ወሬ የምትወደው ለዚህ ይመስለኛል። ከቤቱ ርቆ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ ዜና ይጠብቃል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። የተማሪዎቼ ድርሰት በድምፅ የተሞላ ነበር፤ አዛን፣ የአህያ ጩኸት፣ የረክሻ ጥሩምባ፣ የቡና ሙቀጫ። በተለይ ሙቀጫው ያምራል፤ የዚህ አገር ቡና ወቃጭ ዘነዘናውን ጠርዙንም እየነካ በምት ይወቅጠዋል፣ ከሩቅ ከበሮ ይመስላል። ሆኖም «የወፍጮው ድምፅ ይረብሻል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አያደርግም። ልጅቷን «ማን ነው የሚሰማው?» አልኳት። አስባ እንዲህ ቀየረችው፦ እናቷ ቤት ተቀምጣ ወፍጮው ድንገት ዝም ሲል ትሰማለች። ነዳጅ አልቋል ማለት ነው። ማሽላው ዛሬ አይፈጭም። ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ልጇን ተጣርታ ወደ ዳቦ ቤት ትልካለች፣ «ከጎረቤት በፊት ድረሺ፣ በዱቤ በይው» ትላታለች። ድምፁ አንዲትን ሴት ሥራ አስያዘ። ለጆሮ የደረሰ ነገር ሰውን ካላንቀሳቀሰ ጌጥ ነው፤ ካንቀሳቀሰ ከተማዋ ተናግራለች።

ሦስተኛውና ዋናው ወሬ ነው። እዚህ ላይ ከሱዳኑ ደራሲ ከጣይብ ሳሊህ ተምረናል። «የዘይን ሠርግ» የሚለው አጭር ልብ ወለዱ የሚጀምረው ዘይን ሊያገባ ነው የሚለው ወሬ መንደሩን ሲያዳርስ ነው። ወተት ሻጯ ለደንበኛዋ ትነግራታለች፤ ደንበኛዋ በወሬው ስትደነግጥ ወተቱን አጉድላ ትሰፍርላታለች። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ለርዕሰ መምህሩ ይነግረዋል፤ ከቅጣት ያመልጥበታል። አያችሁ? ወሬ በነጻ አይተላለፍም። እያንዳንዱ አቀባይ በወሬው አንድ ነገር ይገዛበታል።

ይህን ይዘን እናንተ ሁላችሁ የምታውቁትን ወሬ ወሰድን፦ «ዝርዝር ወጥቷል።» የሦስተኛ አገር ዝርዝር። አንዲት ተማሪዬ ወሬውን በአንድ ቀን ከተማዋን አዞረችው። ታሪኩ የፈጠራ ነው፣ መንገዱ ግን እውነተኛ ነው። ጠዋት አንድ የረክሻ ሹፌር ለሻይ ሻጯ ይነግራታል፤ ያለፈውን ሳምንት ዕዳ ሳትጠይቀው ሻይ ትቀዳለታለች። እሷ በፉጡር ሰዓት ለደንበኞቿ ትነግራለች፤ ሰው አልነሳ ስላለ ሁለተኛ ጀበና ትጥዳለች። «ዝርዝር ሊወጣ ነው» የነበረው እዚህ ላይ «ወጥቷል» ይሆናል። ቀትር ላይ፣ ገበያው በሚዘጋበት ሰዓት፣ ፎቶ ቤቱ አይዘጋም፤ በር ላይ ሰልፍ አለ። ከሰዓት በኋላ ባለሱቆች ዱቤ መስጠት ያቆማሉ፤ የሚሄድ ሰው ዕዳ አይከፍልማ። ማታ አንድ የአምስት ልጆች አባት የአህያ ጋሪውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል።

በማግስቱ ዝርዝር የለም። ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። ሻይ ሻጯ «እኔ መቼ ወጥቷል አልኩ፣ ይወጣል ይሆናል ነው ያልኩት» ትላለች። ጋሪውን የገዛው ሰው በሰውየው በር በርሜሉን እየመታ ያልፋል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ጥፋተኛው ማን ነው?» አለኝ። መልሱ ለሌሎቹ ከበዳቸው፤ ማንም አልዋሸምና። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ጨመረ፤ ጋሪውን ያሸጠችው ከተማዋ ናት። ከተማ ገጸ ባሕርይ ሆነች የሚባለው እንዲህ ስትሆን ነው፦ ፍላጎት ሲኖራት፣ ፍላጎቷም አንድን ሰው ሲጎዳ ወይም ሲያነሳ። የቂርባ ፍላጎት መሄድ ነው። ስለዚህ የሚሄድ ወሬ ሁሉ ይታመንላታል።

አንድ ጥብቅ ነገር ልጨምር። እዚህ ወሬ ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ማን በሌሊት እንደሚያሻግር፣ የየትኛው ቤት ልጅ ወደ ሊቢያ እንደወጣ፣ ማን ያለፈቃድ ሻይ እንደምትሸጥ ከነስሙ የሚጻፍ ነገር አይደለም። በትንሽ ከተማ ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ «ባለ አንድ ዓይኑ ዳቦ ጋጋሪ» ካላችሁ ሁሉም ያውቀዋል። ለተማሪዎቼ የሰጠሁት መለኪያ ይህ ነው፦ የጻፋችሁትን ያ ሰው የሚቀመጥበት ሻይ ቤት ጮክ ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ሥራውን ለሌላ ሰው፣ ቤቱን ለሌላ ሰፈር ስጡት። የወሬውን መንገድ ያዙ፣ ባለቤቱን ልቀቁት።

በገዳሪፍ፣ በሸገራብ፣ በኡም ራኩባ፣ በተነይድባህ ያላችሁ መምህራን፣ ይህን ሥራ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። ወረቀት ከሌለ በቃል ይሁን። «ዛሬ ከተማው ውስጥ ዝም ያለው ድምፅ የቱ ነው? መጀመሪያ የሰማውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። የቀረውን ልጆቹ ያውቁታል።