የ«ሸ» የራስ ጭረት፦ በፎቶግራፍ ውስጥ የሚጠፋ ልዩነት

«ቤቱን ለወንድሙ ሸጠ» እና «ቤቱን ለወንድሙ ሰጠ» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው የቅርጽ ልዩነት አንዲት አግድም ጭረት ናት። በውል ወረቀት ላይ ግን ይህች ጭረት ሽያጭን ከስጦታ ትለያለች። ኅትመትን ከፎቶግራፍ የሚያነብ ፕሮግራም ጭረቷን ሲስት ሁለተኛው ንባብም ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ የቃላት መዝገብ ስሕተቱን ሊያጋልጠው አይችልም።

መመሳሰሉ ከፊደሉ ታሪክ የመጣ ነው። በግእዝ ያልነበሩትን የአማርኛ ድምፆች ለመጻፍ በነባሮቹ ፊደላት ላይ ጥቂት ጭረት ተጨምሮ ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ ተቀረጹ። የአዲሱ ፊደል ማንነት ያረፈው በተጨመረችው ጭረት ላይ ብቻ ነው።

የጭረቷ ውፍረት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤ4 ገጽ 4000 ፒክስል ርዝመት ያለውን ፎቶግራፍ ሲሞላ ጭረቷ 2.7 ፒክስል ያህል ትይዛለች፤ በግልጽም ትታያለች። ፎቶግራፉ ለመላክ ሲባል ወደ 1280 ፒክስል ቢቀነስ ግን ድርሻዋ ወደ 0.86 ፒክስል ይወርዳል። በአንድ የፒክስል ረድፍ ውስጥ ካረፈች ጥቁር ሆና ትቀራለች። በሁለት ረድፎች መካከል እኩል ከተከፈለች ግን እያንዳንዱ ረድፍ 43 በመቶ ብቻ ይጠቁራል። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ የሚለውጠው ወሰን በመካከል፣ ማለትም በ50 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ሁለቱም ረድፎች ነጭ ይሆናሉ። ጭረቷ አግድም በመሆኗም ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ትጠፋለች፤ «ሸ» «ሰ» ሆኖ ይቀራል። በአንድ ገጽ ላይ ያው ፊደል በአንዱ መስመር በትክክል፣ በሌላው በስሕተት የሚነበበው ስለዚህ ነው።

ያነሰውን ምስል መልሶ ማጉላት የጠፋውን ጥቁረት አይመልስም። ወሰኑን በየአካባቢው ብርሃን መጠን መወሰን ደብዛዛዋን ጭረት ሊያተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከፊደሉ ራስ በላይ ያረፈች የወረቀት እድፍም እንደ ጭረት ልትቆጠርና «ሰ»ን «ሸ» ልታደርገው ትችላለች።

ስለዚህ የጠቅላላ ፊደላት ስሕተት መጠን ብቻውን በቂ መለኪያ አይሆንም፤ እነዚህ ጥንዶች ከገጹ ፊደላት ጥቂቱን ብቻ ስለሚይዙ ስሕተታቸው በአማካዩ ውስጥ ይሸሸጋል። እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው፣ በሁለቱም አቅጣጫ መቁጠር ያስፈልጋል። «ሸ» «ሰ» ተብሎ የሚነበብበት ጊዜ ከተቃራኒው እጅግ ከበዛ፣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የምስሉ ጥራትና የወሰኑ አቀማመጥ ነው፤ ተቃራኒው ከበዛ ደግሞ እድፍና ጥላ ይጠረጠራሉ። አቅጣጫው ካልተለየ ግን ተመራማሪው ጥፋቱን በመለያ ሞዴሉ ላይ ብቻ ሲፈልግ፣ ጭረቷ ወደ ሞዴሉ ከመድረሷ በፊት ጠፍታ ሊሆን ይችላል።